ስልኩና ላፕቶፑ ለምን አይስማሙም? ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«አንድ ቤት፣ አንድ ራውተር፣ አንድ ፓኬጅ እስካለ ድረስ ስልክም ሆነ ላፕቶፕ እኩል ፍጥነት ማሳየት አለባቸው። የእኔ ስልክ 45 ሜጋ ቢት ሲያሳይ ላፕቶፔ ከ20 አያልፍም። ይህ የሚያሳየው አቅራቢው ድርጅት ስልኮችን እያስቀደመ ኮምፒውተሮችን እንደሚያንቅ ነው። እውነተኛው ቁጥር የስልኩ ነው። መፍትሔውም አንድ ብቻ ነው፤ ለላፕቶፑም እንዲተርፍ ፓኬጁን ከፍ ማድረግ።»

ጸሐፊው ቁጥሮቹን በትክክል እንዳነበቡ አልጠራጠርም። እኔም ባሕር ዳር ውስጥ ራውተር በመትከልና የቤት ውስጥ ኬብል በመዘርጋት የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ፣ ከሽምብጥ እስከ አባይ ማዶ በገባሁባቸው ቤቶች ይህንኑ የሚመስል ልዩነት ደጋግሜ አይቻለሁ። የማልስማማው በቁጥሮቹ ትርጓሜ ነው፤ ምክንያቱም ትርጓሜው ሲሳሳት ያላጠፋ ይወቀሳል፣ ገንዘብም ችግሩ በሌለበት ቦታ ይወጣል። ስለዚህ ነጥቦቹን በቅደም ተከተላቸው እየያዝኩ፣ በአንድ ቤት ውስጥ በራሴ እጅ የለካሁትን እያሳየሁ እመልሳለሁ።

ቤቱ ሽምብጥ ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ፓኬጃቸው የ50 ሜጋ ቢት ነው፤ ራውተሩ ሳሎን ውስጥ በቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል፤ ከግቢው በስተኋላ ደግሞ ልጃቸው የሚማርበትና የሚያድርበት በብሎኬት የተሠራ ሰርቪስ ቤት አለ። የሄድኩት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነበር። ስልኩንና ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው «ልጄ፣ ይኸው ስልኬ 46 ይላል፤ ላፕቶፑ 19። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል ማለት ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚመጡበት መንገድ ግን አንድ አይደለም» አልኳቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ የሚፈርሰውም እዚሁ ላይ ነው። ስፒድ ቴስት ከመለኪያው ሰርቨር ተነስቶ እጃችን ላይ እስካለው መሣሪያ ድረስ ያለውን መንገድ በሙሉ ይለካል፤ የሚያሳየውም በዚያ መንገድ ላይ ካለው ጠባብ ቦታ የሚያልፈውን ነው። መንገዱ ደግሞ ሁለት ክፍል አለው። ከሰርቨሩ እስከ ራውተሩ ያለው ለቤቱ ሁሉ የጋራ ነው። ከራውተሩ እስከ መሣሪያው ያለው ግን በአየር ላይ የሚሄድ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ግንኙነት ነው። የዋይፋዩ ስም አንድ በመሆኑ ብቻ ይህ ሁለተኛው ክፍል አንድ አይሆንም፤ ስሙ አንድ ሆኖ ስልኩ በ5 ጊጋ ኸርዝ፣ ላፕቶፑ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሊገናኝ ይችላል። ዛሬ የሚሸጡ አብዛኞቹ ራውተሮች ሁለቱንም ሞገዶች በአንድ ስም ስለሚያሰራጩ፣ ባለቤቱ የትኛው መሣሪያ በየትኛው እንደገባ በዓይን ብቻ አይለይም።

ራውተሩና መሣሪያው ሲገናኙ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ይስማማሉ፤ ይህንን የግንኙነት ፍጥነት እንበለው። የግንኙነት ፍጥነት ከኢንተርኔት ፍጥነት ጋር አንድ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ያለው የአየር መንገድ ስፋት ማለት ነው። የመምህሩ ስልክ የገባው በ5 ጊጋ ኸርዝ ነበር፤ በስልኩ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ የግንኙነት ፍጥነቱ 433 ሜጋ ቢት ይላል። ይህ ቁጥር እንዲያው የመጣ አይደለም፤ አንድ አንቴና ያለው መሣሪያ 802.11ac በሚባለው የዋይፋይ ደረጃ በ80 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ቻናል ላይ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። 433 ለ50 ሜጋ ቢት መስመር ከበቂ በላይ ስለሆነ፣ በስልኩ በኩል ጠባቡ ቦታ የአየሩ መንገድ አይደለም፤ ከውጭ የሚገባው መስመር ራሱ ነው። ስልኩ 46 ያሳየው ለዚህ ነው።

ላፕቶፑስ? ኮማንድ ፕሮምት ከፍቼ ይህችን ጻፍኩ፤ ዊንዶውስ ያለው ሰው ሁሉ ምንም ሳይጭን ሊሞክራት ይችላል።

```
netsh wlan show interfaces
```

ከሚወጣው ረጅም ዝርዝር ውስጥ ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት መስመሮች እነዚህ ነበሩ።

```
Radio type             : 802.11n
Channel                : 4
Receive rate (Mbps)    : 58.5
Transmit rate (Mbps)   : 52
Signal                 : 74%
```

ቻናሉ 4 መሆኑ ላፕቶፑ የገባው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ እንደሆነ ይነግረናል፤ ከ1 እስከ 13 ያሉት ቻናሎች የዚህ ሞገድ ሲሆኑ የተለመዱት የ5 ጊጋ ኸርዝ ቻናሎች ከ36 ይጀምራሉ። ከራውተሩ የሚቀበልበት ፍጥነት 58.5 ነው። የዚህ ዓይነት አንድ አንቴና ብቻ ያለው የዋይፋይ ካርድ፣ በ20 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ቻናል ላይ ሁሉ ነገር ቢመቸው እንኳ ከ72.2 አያልፍም። የሲግናሉ 74 ከመቶ መሆን ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሲግናል ድምፁ ምን ያህል እንደሚሰማ እንጂ ጎረቤት ሳያቋርጥ ምን ያህል መነጋገር እንደሚቻል አይናገርም።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ «58.5 ካለ ለምን 19 ብቻ ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ዋይፋይ እንደ እድር ስብሰባ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ብቻ ነው። ራውተሩ ሲናገር ላፕቶፑ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ከዚያ «ደርሶኛል» የሚል አጭር መልስ ይሰጣል፤ ከዚያ ሁሉም ትንሽ ጠብቆ፣ ሌላ የሚናገር አለመኖሩን አዳምጦ ነው የሚቀጥለው። ይህ መጠባበቅና መመላለስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ እንኳ በተግባር የሚገኘው ከግንኙነት ፍጥነቱ ግማሽ ወይም ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለው ነው። ከ58.5 ላይ ሠላሳ ምናምን መጠበቅ ይቻላል ማለት ነው። ከዚያ ወደ 19 ያወረደው ጎረቤት ነው። በዚያ ምሽት ከሳሎኑ ሆኜ የቆጠርኳቸው የጎረቤት ዋይፋዮች አሥራ አንድ ነበሩ፤ አብዛኞቹም በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። በዚህ ሞገድ ሳይነካኩ ጎን ለጎን እንዲሠሩ በተለምዶ የሚመረጡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የመምህሩ ራውተር ቻናል 4 ላይ መቀመጡ በ1 ላይ ካሉትም በ6 ላይ ካሉትም ጎረቤቶች ጋር እንዲጋጭ አድርጎታል። እንዲያውም በዚህ መካከል ከመቀመጥ ከጎረቤት ጋር በትክክል አንድ ቻናል መጋራት ይሻላል፤ በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች አንዱ የሌላውን ንግግር ለይተው ሰምተው ተራ ይጠብቃሉ፤ ግማሽ የሚደራረቡት ግን የሌላውን ንግግር እንደ ጫጫታ ስለሚሰሙት የራሳቸው መልእክት እየተበላሸ ደጋግመው ይልካሉ።

ወደ ራውተሩ ገጽ ገብቼ ቻናሉን ከአውቶማቲክ አውጥቼ፣ በዚያ ሰፈር ጥቂት ሰው ወደነበረበት ወደ 11 ቀየርኩት። ላፕቶፑን ከቦታው ሳላነቃንቅ ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ 29፣ 31፣ 30 አሳየ። ያልተነካ ፓኬጅ፣ ያልተነካ ላፕቶፕ፣ የተቀየረው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ልጃቸው ትምህርቱን የሚያስቀምጥበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በላፕቶፑ ሰማያዊ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ነበር። ዩኤስቢ 3 በሚሠራበት ጊዜ ከገመዱና ከመሰኪያው የሚያፈተልክ የሬዲዮ ጫጫታ እንዳለውና ጫጫታውም በ2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ እንደሚያርፍ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ በዝርዝር አሳይቷል። ዲስኩን ስነቅለው ላፕቶፑ 33 ደረሰ፤ መልሼ ስሰካውና ፋይል ሲገለበጥበት ወደ 27 ወረደ። ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይሰካ ይህ ልዩነት የሚጎዳው ላፕቶፑን ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ክሱ ከባድ ስለሆነ በቁም ነገር መመርመር አለበት። የቤት ራውተር በውስጡ ያሉትን መሣሪያዎች ሁሉ ከአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣቸዋል። ስልኩም ላፕቶፑም በቤት ውስጥ ብቻ የሚሠራ የየራሳቸው አድራሻ አላቸው፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ራውተሩ የሁሉንም በራሱ አድራሻ ይተካዋል። ስለዚህ አቅራቢው በተለመደው አሠራር የሚያየው አንድ ደንበኛን ነው፤ የሚገድበውም የዚያን ደንበኛ አጠቃላይ ፍጥነት ነው።

ይህ ብቻውን ግን ማስረጃ ይሆናል አልልም። አንድ አቅራቢ በእርግጥ ቢፈልግ፣ ከሚያልፉት የመረጃ እሽጎች ባሕርይ በመነሳት የትኛው ከዊንዶውስ የትኛው ከስልክ እንደወጣ መገመት ይችላል። ለምሳሌ ዊንዶውስ እሽጎቹን ሲልክ የሚሰጣቸው የመነሻ የዕድሜ ቁጥር 128 ሲሆን የአንድሮይድ 64 ነው። ስለዚህ «አይቻልም» ብሎ መልስ መስጠት ትክክል አይደለም። ትክክለኛው መልስ መፈተን ነው፤ ፈተናውም አንድ ኬብል ብቻ ይጠይቃል። ያንኑ ላፕቶፕ፣ ያንኑ ዊንዶውስ፣ ያንኑ ብራውዘር ይዘን ዋይፋዩን አጥፍተን በኬብል ከራውተሩ ጋር እናገናኘው። አቅራቢው ኮምፒውተር ለይቶ የሚያንቅ ከሆነ በኬብልም ላፕቶፑ ያው ኮምፒውተር ስለሆነ 19 ላይ መቅረት አለበት። የታነቀው አየሩ ከሆነ ግን ወደ ስልኩ ቁጥር መውጣት አለበት።

በመምህሩ ቤት ኬብሉን ስሰካ ላፕቶፑ 47 አሳየ። ደግሜ 47፤ በሦስተኛው 46። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ቁጥሩን ጠጋ ብለው ካዩ በኋላ «እንግዲህ ሳናውቅ ሰው ስናማ ነበር» አሉ። ጽሑፉን የጻፉት ሰው ይህንን ፈተና ስለማድረጋቸው የገለጹት ነገር የለም፤ ከማንም በፊት ሊያደርጉት የሚገባ ፈተና ግን ይህ ነበር። የላፕቶፑ ቁጥር በኬብልም ከወረደ በእርግጥ ወደ አቅራቢው ለመደወል በቂ ምክንያት ይኖራል፤ የሚያስኬደው አቤቱታም ያኔ የሚቀርበው ነው።

ኬብልም ቢሆን ሁልጊዜ ፍጹም ዳኛ አይደለም። በርከት ያሉ ርካሽ ራውተሮች የኬብል ቀዳዳቸው ከ100 ሜጋ ቢት አያልፍም፤ በተግባር የሚገኘው ደግሞ 94 አካባቢ ነው። ቀዳዳው ሺህ የሚችል ቢሆን እንኳ በኬብሉ ውስጥ ካሉት ስምንት ሽቦዎች አንዱ ከተቆረጠ ወይም ጫፉ በደንብ ካልተመታ ግንኙነቱ በዝምታ ወደ 100 ሊወርድ ይችላል። ለ50 ሜጋ ቢት ፓኬጅ ይህ ለውጥ አያመጣም፤ ከ100 በላይ የገዛ ሰው ግን ስልኩ በ5 ጊጋ ኸርዝ 140 አሳይቶት ላፕቶፑ በኬብል 94 ላይ ቢቆም መጀመሪያ ኬብሉንና ቀዳዳውን ይጠርጥር።

ሦስተኛውን ነጥብ በተመለከተ የስልክ ቁጥር በራሱ ከላፕቶፕ ቁጥር የበለጠ የሚታመንበት ምክንያት የለም። መጀመሪያ መጣራት ያለበት ስልኩ የለካው ዋይፋዩን መሆኑ ነው። ብዙ ስልኮች ዋይፋዩ የደከመ ሲመስላቸው ባለቤቱን ሳይጠይቁ ወደ ሞባይል ዳታ የሚቀየሩበት ሴቲንግ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይጠቀማሉ። የቤቱ መስመርና የሲም ካርዱ አቅራቢ አንድ ድርጅት ሲሆን ደግሞ በውጤቱ ገጽ ላይ የሚወጣው የድርጅት ስም ስለማይለይ ማንም አይነቃበትም። ስለዚህ ከመለካቴ በፊት ሁልጊዜ የሞባይል ዳታውን ከላይ በሚወርደው ማጥፊያ አጠፋለሁ። በመምህሩ ቤት ዳታው ጠፍቶም ስልኩ 46 ስላሳየ፣ ያ ቁጥር በእርግጥ የዋይፋዩ እንደነበር አወቅን።

ቀጥሎ ሁለቱ መሣሪያዎች የለኩት ወደ አንድ ሰርቨር መሆኑ ይታይ። በስልክ ላይ ያለው አፕ አብዛኛውን ጊዜ ፈጣን ምላሽ የሚሰጠውን ቅርብ ሰርቨር ይመርጣል። ላፕቶፑ ላይ ግን ቪፒኤን ተከፍቶ ከቀረ፣ ወይም በብራውዘር የተከፈተው ሌላ መለኪያ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል። ርቀቱ ራሱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ላኪው የተወሰነ መጠን ልኮ «ደርሷል» የሚለውን መልስ ሳያገኝ ብዙ አይገፋም። አንድ ግንኙነት ብቻ የሚከፍት መለኪያ በአንድ ጊዜ 512 ኪሎ ባይት ልኮ መልስ የሚጠብቅ ቢሆን፣ ምልልሱም 150 ሚሊ ሰከንድ ቢወስድ፣ መስመሩ የፈለገውን ያህል ሰፊ ቢሆንም ውጤቱ ከ28 ሜጋ ቢት አይበልጥም። ብዙ ግንኙነት በአንድ ጊዜ የሚከፍት መለኪያ በዚያው መስመር፣ በዚያው ሰዓት 46 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መለኪያ ከፍቶ የሰርቨሩን ስም በእጅ መምረጥ ያስፈልጋል።

አለካኩም ራሱ ሥርዓት ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስጀመር ስህተት ነው፤ አንዱን መስመር ተሻምተው ሁለቱም ያንሳሉ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምር፤ እየተፈራረቁ ሦስት ሦስት ጊዜ ይለኩና መካከለኛው ቁጥር ይያዝ። ላፕቶፑ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ላይ ከሆነ የዋይፋይ ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ ሊቀንስ ስለሚችል ቻርጀሩ ይሰካ። ዊንዶውስ በስተጀርባ አፕዴት እያወረደ ከሆነም ያ ይጠናቀቅ፤ ላፕቶፕ ለቀናት ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት የመጀመሪያ ሥራው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚለካውም ልክ በዚያው ደቂቃ ነው።

ስልኩ «እውነተኛው» እንዳልሆነ በደንብ ያየሁት ግን ወደ ሰርቪስ ቤቱ ስንሄድ ነው። ከሳሎኑ እስከዚያ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ፣ አንድ የብረት በርና የግቢው ስፋት አለ። እዚያ ስልኩ አሁንም የ5 ጊጋ ኸርዙን እንደያዘ 9 ሜጋ ቢት አሳየ፤ ሳሎን ውስጥ የተናቀው ላፕቶፕ ደግሞ 17። 5 ጊጋ ኸርዝ ሰፊ መንገድ ቢሆንም ብሎኬት ሲያልፍ ከ2.4 ይልቅ ይዳከማል፤ ብረትና ቆርቆሮ ደግሞ ሁለቱንም ይመልሳቸዋል። ስልኩን ወደ 2.4 ስቀይረው 21 ደረሰ። በጸሐፊው አካሄድ ብንሄድ በዚህ ክፍል ውስጥ አቅራቢው ላፕቶፖችን እያስቀደመ ስልኮችን ያንቃል ልንል ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአሥር ደቂቃ ልዩነት የተለካ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያ ከሰጠን፣ የተሳሳተው ቁጥሩ ሳይሆን መደምደሚያው ነው።

አራተኛው ነጥብ አንባቢን በየወሩ ገንዘብ የሚያስወጣ በመሆኑ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጠባቡ ቦታ በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል እስከሆነ ድረስ፣ ከውጭ የሚገባውን 50 ወደ 100 ማሳደግ ላፕቶፑ ላይ አንድም ሜጋ ቢት አይጨምርም፤ ስልኩ ሳሎን ውስጥ ወደ 90 ይወጣል፣ ላፕቶፑ እዚያው 19 ወይም 30 ላይ ይቀራል፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ይብሱኑ ይሰፋል። ጸሐፊው ያኔ ክሳቸው የተረጋገጠ ሊመስላቸው ይችላል።

ማሻሻል የሚገባው ጠባቡ ቦታ ነው። ለዚህም መጀመሪያ የላፕቶፑ ካርድ 5 ጊጋ ኸርዝ መቀበል መቻሉ ይታይ፤ ይህችኛዋ ትነግረናለች።

```
netsh wlan show drivers
```

«Radio types supported» በሚለው መስመር ላይ 802.11a ወይም 802.11ac ካለ ካርዱ 5 ጊጋ ኸርዝ ያውቃል ማለት ነው፤ ያኔ ወጪ የለም፤ በራውተሩ ገጽ ላይ ለሁለቱ ሞገዶች የተለያየ ስም ሰጥቶ ላፕቶፑን ወደ 5ቱ ማስገባት ነው። በመምህሩ ላፕቶፕ ላይ ግን የተጻፈው 802.11b፣ 802.11g እና 802.11n ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ካርድ በሴቲንግ መለወጥ አይቻልም፤ ያለው አማራጭ ሁለቱንም ሞገድ የሚቀበል በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ መግዛት ወይም ኬብል መጠቀም ነው። የዩኤስቢ መቀበያ የሚገዛ ሰው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «600» ወይም «1200» አይቶ አይቸኩል፤ ያ የሁለቱ ሞገዶች ድምር ነው። 600 ተብሎ የሚሸጠው በ2.4 ላይ 150፣ በ5 ላይ 433 የሚደርስ ሲሆን፣ ለ50 ሜጋ ቢት መስመር እሱ ራሱ ይበቃል።

ጋሼ ሳሎን ውስጥ የሚጠቀሙበትን ላፕቶፕ እንዲህ ባለ መቀበያ አደረግነው፤ ራውተሩንም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተን ከመደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጥነው፤ ቁጥሩ 45 ሆነ። ለሰርቪስ ቤቱ ግን ዋይፋይን መታገል ዋጋ የለውም ብዬ አሥራ ስምንት ሜትር ኬብል በጣሪያው ክፈፍ ሥር አሳልፌ እዚያ ትንሽ ሁለተኛ ራውተር በዋይፋይ ማሰራጫነት ተከልኩ፤ ቻናሉንም ከሳሎኑ 11 ጋር እንዳይጋጭ 1 ላይ አደረግሁት። ልጃቸው ማታ ደውሎ ስልኩ 46፣ በኬብል የተሰካው ላፕቶፑ 47 እንዳሳየው ነገረኝ። የሚከፍሉት ያንኑ የ50 ሜጋ ቢት ፓኬጅ ነው።